የአንቀጽ ቁጥር ሲሸጋሸግ ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሽንኩርት ክምር ላይ ነው። በይፋት ቆላ በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ፣ የአካባቢው ሰብሳቢና መሀል ላይ ያለው ደላላ የሚገናኙበት ዋና ሸቀጥ ነው። ቀድሞ በቃልና በመተማመን ይሠራ የነበረው ንግድ አሁን አሁን ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ውል ይታሰራል። ይህ ደግ ነገር ነው። ዳሩ ግን ውሉ የሚዘጋጅበት መንገድ ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል።

ጣጣው ይህ ነው። ውሉ በየወቅቱ እንደ አዲስ አይጻፍም፤ ያምናው ወጥቶ ይቀጠላል። አንድ ጊዜ የቅድሚያ ክፍያ አንቀጽ ይገባና «5ሀ» ይባላል። ሌላ ጊዜ ስለ ማስረከቢያ ቦታ ይጨመርና ቁጥሩ ሳይታይ ሁለተኛ «አንቀጽ 4» ይወለዳል። ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ውሉ የተጣፈ ድሪቶ ይመስላል። ያኔ አንዱ ወገን «ይህን ነገር አስተካክሉልን» ብሎ ለጽሕፈት አገልግሎት ቤት ይሰጠዋል። ጸሐፊው ቁጥሩን ከ1 እስከ መጨረሻው አሰልፎ፣ አሳምሮ ያትማል። ተዋዋዮቹም ጽዳቱን አይተው ይፈርማሉ። የአንቀጾቹ ራስጌ ቁጥር ተለውጦ በሆዳቸው ውስጥ ያለው «በአንቀጽ 9 በተመለከተው መሠረት» የሚለው ማጣቀሻ ግን እንዳለ ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ ይህ ነው፦ የውል አንቀጾችን ቁጥር ማስተካከል የታይፕ ሥራ አይደለም። የማን ገንዘብ ለማን እንደሚከፈል የሚወስን ሥራ ስለሆነ ነጋዴውና ደላላው ራሳቸው ሊቀመጡበት ይገባል።

የአንድ ሽንኩርት ውል ነገር

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሻጭ የሸዋ ሮቢት ሰብሳቢ፣ ገዢ የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ናቸው እንበል። ሽንኩርቱ 400 ኩንታል ነው። ለሒሳብ እንዲቀልለን ኩንታሉን 5,000 ብር ብናደርገው ጠቅላላ ዋጋው 2,000,000 ብር ይሆናል። የድሮው ውል አንቀጾችና ሲስተካከሉ የሚያገኙት አዲስ ቁጥር እንዲህ ነው፦

1 ተዋዋዮች — አዲሱ 1
2 የውሉ ዓላማ — አዲሱ 2
3 የሽንኩርቱ ጥራት — አዲሱ 3
4 መጠንና የማስረከቢያ ጊዜ — አዲሱ 4
4 (ሁለተኛው) የማስረከቢያ ቦታ — አዲሱ 5
5 ዋጋና አከፋፈል — አዲሱ 6
5ሀ ቅድሚያ ክፍያ — አዲሱ 7
6 ምዘናና ናሙና — አዲሱ 8
7 የጥራት ጉድለት — አዲሱ 9
8 የመዘግየት ቅጣት — አዲሱ 10
9 ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ — አዲሱ 11
10 ውል ስለማቋረጥ — አዲሱ 12
11 ክርክር ስለመፍታት — አዲሱ 13

በድሮው ውል የቅጣቱ አንቀጽ 8 እንዲህ ይላል፦ «በአንቀጽ 9 ከተመለከተው ሁኔታ በስተቀር፣ ሻጭ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ካላስረከበው ሽንኩርት ዋጋ ከመቶ አንድ ይከፍላል።» ሐሳቡ ግልጽ ነው። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ጭነት ካልወጣ ሻጩ አይቀጣም። በሌላ ምክንያት ከዘገየ ግን ይቀጣል። ምንም ሽንኩርት ሳያስረክብ 8 ቀን ቢዘገይ በቀን 20,000፣ በድምሩ 160,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ራስጌዎቹን ብቻ አሸጋሽጎ የአንቀጹን ሆድ ሳይነካ ቢቀርስ? የቅጣቱ አንቀጽ 10 ይሆናል፤ በውስጡ ግን አሁንም «በአንቀጽ 9 ከተመለከተው ሁኔታ በስተቀር» ይላል። በአዲሱ ውል አንቀጽ 9 ደግሞ የጥራት ጉድለት ነው! ሽንኩርቱ በደንብ ሳይደርቅ ቀርቶ ወይም መበስበስ ጀምሮ ጭነቱን ያዘገየ ሻጭ ከቅጣት ነፃ ወጣ። ወንዝ ሞልቶበት የዘገየው ምስኪን ግን 160,000 ብር ይጠየቃል። ውሉ ተገለበጠ፤ አንዲት ቃል ግን አልተለወጠችም። የተበላሸው የሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው።

የሚጮኸው ስሕተትና ዝም የሚለው

ከዚሁ ውል ሌላ ማጣቀሻ እንይ። ስለማቋረጥ የሚናገረው የድሮ አንቀጽ 10 «በአንቀጽ 8 የተመለከተው መዘግየት ከ5 ቀን ካለፈ ገዢ ውሉን ማቋረጥ ይችላል» ይላል። ይህም ሳይነካ ቢቀር በአዲሱ ውል አንቀጽ 8 ምዘናና ናሙና ነው። ያነበበ ሁሉ «ምዘና ውስጥ ምን መዘግየት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሚጮኽ ስሕተት ስለሆነ ከመፈረሙ በፊት የመገኘት ዕድል አለው።

የቅጣቱ ግን አይጮኽም። «በአንቀጽ 9 ከተመለከተው ሁኔታ በስተቀር» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንቀጽ 9 ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታም ሆነ የጥራት ጉድለት ቢሆን ትርጉም ይሰጣል። አንባቢው አይደናቀፍም። ስለዚህ አደገኛው ማጣቀሻ የትም የማያደርሰው አይደለም፤ ሌላ ሰው ቤት የሚያደርሰው ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ምን ይሆናል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከቃሉ ወጥተው የተዋዋዮቹን ፈቃድ በትርጉም መፈለግ እንደማይችሉ ይደነግጋል። የዘገየው ሻጭ ጠበቃ ይህን ይዞ «ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው» ይላል። የገዢው ጠበቃ ደግሞ ቁጥር 1736ን ይዞ የውሉ ቃሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው መተርጎም አለባቸው፤ የጥራት ጉድለት ከቅጣት ነፃ ያወጣል ማለት ከጠቅላላው ውል ጋር አይሄድም ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት አላቸው። ማን ይረታል የሚለው ለዳኛው ይቆየን። ለነጋዴ የሚያሳስበው ሽንኩርት ቀጠሮ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ክርክሩ ሲያልቅ ሸቀጡም ወቅቱም አልፏል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ነገር ይሆናል።

መጀመሪያ ማጣቀሻ፣ ከዚያ ቁጥር

ታዲያ እንዴት ይሠራ? ትክክለኛው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚሠራበት የተገለበጠ ነው። ቁጥሩ ከመነካቱ በፊት በድሮው ውል ውስጥ ያለው ማጣቀሻ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ በወረቀት ላይ ይዘረዘራል። ለእያንዳንዱም የሚጠቅሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚጠቅሰው ነገር በቃል ይጻፋል። «8 ወደ 9» ተብሎ መጻፉ አይበቃም፤ «የመዘግየት ቅጣት ወደ ከአቅም በላይ ሁኔታ» ተብሎ ይጻፍ። ቁጥር ቢለዋወጥም ስሙ አይለወጥም፤ ወደ አዲሱ ቁጥር የሚያሻግረን ስሙ ነው።

በምሳሌው ውል 9 የውስጥ ማጣቀሻዎች አሉ እንበል። ሁለቱ ወደ ጥራት አንቀጽ 3 የሚያመለክቱ ስለሆኑ አይለወጡም። አራቱ ያለ ክርክር ይለወጣሉ፦ የቅጣቱ ከ9 ወደ 11፣ የማቋረጡ ከ8 ወደ 10፣ ቀሪ ክፍያ ከምዘና በኋላ እንዲከፈል የሚያዘው ከ6 ወደ 8፣ ውሉ ሲቋረጥ ቅድሚያ ክፍያው ይመለስ የሚለው ከ10 ወደ 12። የቀሩት ሦስቱ ግን ጸሐፊ ሊወስናቸው የማይችሉ ናቸው።

አንደኛው ከአቅም በላይ በሆነ ሁኔታ «በአንቀጽ 4 የተመለከተው ይራዘማል» የሚለው ነው። የትኛው 4? ጊዜው ወይስ ቦታው? ይራዘማል የሚባል ጊዜ ስለሆነ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች አውቀው ሊያጸድቁት ይገባል። ሁለተኛው «ውሉ ቢቋረጥም ከአንቀጽ 5 እስከ 7 ያሉት ይጸናሉ» የሚለው ነው። ይህ ሲጻፍ 5ሀ ገና አልተወለደም ነበር። ወደ «ከ6 እስከ 9» ቢሻገር ቅድሚያ ክፍያውም አብሮ ገባ ማለት ነው። ይግባ? ይህ የገንዘብ ጥያቄ እንጂ የቁጥር ጥያቄ አይደለም። ሦስተኛው «ከላይ በተጠቀሰው የጊዜ ገደብ» የሚለው ነው። ቁጥር ስለሌለው ማንም አይፈልገውም፤ አንቀጽ ሲዘዋወር ግን «ከላይ» የነበረው «ከታች» ይሆናል። ይህን የመሰለው ሁሉ በአንቀጽ ቁጥር ቢተካ ይመረጣል።

እነዚህ ሦስቱ ከተዋዋዮቹ መልስ ሳያገኙ ቁጥር መቀየር አይጀመርም። መልሱ ሲገኝ ግን የቀረው ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በኮምፒዩተሩ ፊት

በኮምፒዩተር «ፈልገህ ተካ» በሚለው መንገድ የሚሠራ ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ከትንሹ ቁጥር ከጀመረ ተያይዞ ይበላሻል። 8ን በ10 ከተካ በኋላ 10ን በ12 ሲተካ የቅጣቱም የማቋረጡም ማጣቀሻ ሁለቱም 12 ሆነው ያርፋሉ። ከትልቁ ቢጀምር፣ ማለትም 11ን በ13፣ ከዚያ 10ን በ12፣ እያለ ቢወርድ ይህ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ባዶ ቁጥር መፈለግ ክልክል ነው። 9ን በ11 ተካ ብሎ ያዘዘ ሰው ስለ ቅጣት የተጠቀሰውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1889 ወደ 18811 ይለውጠዋል! ለዚህም ሲባል በውሉ ውስጥ የውሉን ክፍል «አንቀጽ»፣ የሕጉን ደግሞ «ቁጥር» እያሉ ለይቶ መጥራት ጥሩ ልማድ ነው።

የአማርኛችን አጻጻፍም የራሱ ወጥመድ አለው። «አንቀጽ» ብሎ የፈለገ ኮምፒዩተር «አንቀፅ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። «ንዑስ» ያለው «ንኡስ»ን ያልፈዋል። ከሦስት ዓመት በላይ በልዩ ልዩ እጅ የተቀጠለ ውል ውስጥ ሁሉም አጻጻፍ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አጻጻፉ አንድ ይደረግ፤ ከዚያ ፍለጋው ይጀመር።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ቁጥሩን በእጅ አለመጻፍ ነው። በማይክሮሶፍት ዎርድ Multilevel List በሚለው ራሱ ባለ ደረጃ ቁጥር እንዲሰጥ ይደረጋል፦ 9 አንቀጽ፣ 9.1 ንዑስ አንቀጽ፣ 9.1.1 ዝርዝር። ማጣቀሻው ደግሞ Cross-reference በሚለው ትእዛዝ ይገባል። ከዚያ ወዲያ አዲስ አንቀጽ ቢጨመር ማጣቀሻው ኢላማውን ተከትሎ ይሄዳል። ይሁንና በራሱ ጊዜ አይታደስም፤ ከመታተሙ በፊት Ctrl+A ቀጥሎም F9 መጫን ግድ ነው። ኢላማው አንቀጽ ተሰርዞ ከሆነ «Error! Reference source not found.» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ይህ የሚጮኸው ዓይነት ስለሆነ ይመሰገናል። ኮምፒዩተሩ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የጥራት ጉድለት የሚለው አንቀጽ ለሁለት ቢከፈል ማጣቀሻው ከመጀመሪያው ግማሽ ጋር ይቀራል። ሐሳቡ ወደ ሁለተኛው ግማሽ መሄዱን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ደረጃ በፊደል ማድረግ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ መሄድ በሕግ ጽሑፎቻችን የተለመደ ነው። ለንግድ ውል ግን ባይሆን እመርጣለሁ። በዚህ ቅደም ተከተል ሀ አንደኛ፣ ሐ ሦስተኛ ነው፤ ሠ አምስተኛ፣ ሰ ሰባተኛ። ሲነበቡ አይለዩም። ደላላው ከሮቢት በስልክ «በዘጠኝ ፊደል ሐ መሠረት መልሰው» ሲል አዲስ አበባ ያለው የትኛውን ይያዝ? ሐመሩን ሐ ወይስ ሀሌታውን ሀ? «ዘጠኝ ነጥብ አንድ ነጥብ ሦስት» ቢባል ግን ጥርጥር የለውም። ከሦስት ደረጃ በላይ መውረድም አይመከርም፤ 9.1.3.2.1 የሚባል ነገር የመጣ ዕለት አንቀጹ ራሱ ለሁለት መከፈል እንዳለበት ይታወቅ።

«5ሀ ብሎ መተው አይሻልም ወይ?»

አንዳንድ ነጋዴዎች «ቁጥሩ ቢዘበራረቅስ ምን አለበት? 5ሀ ብለን ኖረናል» ይላሉ። ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት አለው። ውሉ ተፈርሞ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተከፍሎ፣ ጭነት በመውጣት ላይ እያለ ቁጥር ማሸጋሸግ አያስፈልግም። ምክንያቱም ማጣቀሻ የሚገኘው በውሉ ውስጥ ብቻ አይደለም። የቅድሚያ ክፍያው ደረሰኝ «በአንቀጽ 5ሀ መሠረት» ይላል። የርክክብ ሰነዱ «በአንቀጽ 6 ተመዝኖ» ይላል። ዋስ የሆነው ሰው የፈረመበት ወረቀትም አንቀጽ ይጠቅሳል። ውሉ ብቻ ሲጸዳ እነዚህ ሁሉ ባሉበት ይቀሩና ወደ ባዕድ አንቀጽ ማመልከት ይጀምራሉ። ስለዚህ በወቅቱ መካከል 5ሀ ብሎ መተው ከችኮላ ጽዳት ይሻላል። ማስተካከያው ጊዜ ሁለት ወቅት በሚለያይበት፣ አዲሱ ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

ሳይቻል ቀርቶ በፈረሙት ውል ላይ ማሸጋሸግ ግድ ከሆነ ግን እንደ ውል ማሻሻያ ይቆጠር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም መለወጥ እንዳለበት ይናገራል። የሽንኩርት ሽያጭ በሕግ የግድ በጽሑፍ ይሁን ባይባልም በጽሑፍና በምስክር የጀመራችሁትን በቃል አትለውጡት። የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የያዘው ሠንጠረዥ «አባሪ 1» ተብሎ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ በየገጹ ይፈረምበት፤ በውሉም ላይ «በቀድሞው ቁጥር የተጠቀሰ ሰነድ ሁሉ በአባሪ 1 መሠረት ይነበባል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትግባ። መንግሥትም ቢሆን አዋጅ ሲያሻሽል የተነሡትን አንቀጾች «እንደ ቅደም ተከተላቸው ተሸጋሽገዋል» ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ የሚጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

በውጭ ስላለው ሕግ ያለው ማጣቀሻም ይፈተሽ። ለምሳሌ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ አክሲዮን ማኅበር የሚናገረው ቁጥር 304 ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ስለ ማኅበራት ያለውን ክፍል በአዲስ ቁጥር ተክቶታል፤ የመጓጓዣ፣ የኢንሹራንስና የሐዋላ ወረቀቶች ክፍሎች ደግሞ ከአሮጌው ሕግ ጋር ቀርተዋል። ስለዚህ «የንግድ ሕግ ቁጥር ይህን» ብሎ ዓመቱን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ውል ሁለት ሕግ ፊት የቆመ ውል ነው።

ከመፈረም በፊት አንድ ፈተና

ሥራው አልቆ ውሉ ሲመጣ ፈተናው ቀላል ነው። ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ የገዢ፣ ሌላው የሻጭ ወገን። አንዱ ማጣቀሻ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው የተጠቀሰውን አንቀጽ ገልጦ ርእሱንና የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ያንብብለት። ከቀይ እስክሪብቶው ዝርዝር ጋር ይመሳከር። በድሮው 9 የውስጥ ማጣቀሻ ከነበረ በአዲሱም 9 መገኘት አለበት፤ 8 ከሆነ አንዱ ተውጧል፤ 10 ከሆነ ያልተስማማችሁበት ገብቷል። ለምሳሌው ውል ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ደላሎች በተለይ ይህን ሥራ ቢይዙት የሚከፈላቸው ኮሚሽን ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ገዢና ሻጭን ማገናኘት ማንም በስልክ የሚያደርገው ሆኗል። «አንቀጽ 10 ወደ 11 እንጂ ወደ 9 አይደለም» ብሎ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት የሚናገር ሰው ግን በገበያው ላይ እምብዛም አይገኝም። በሚመጣው የሽንኩርት ወቅት ያምናውን ውል ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሁሉ ከፍላሹ ጋር ሠንጠረዡንም ይዞ ይሂድ፤ ሠንጠረዥ ከሌለው ግን ያምናውን ድሪቶ እንዳለ ይፈርም፤ ቢያንስ የሚያመለክተው ወደ ትክክለኛው ቦታ ነውና።